«እስከ 30 አይነካም» ተብዬ ነበር፦ የስልክን ቃል በኢሜይል ስለ ማስያዝ

ጥያቄ፦

«ትንሽ የቤት ዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ አለን። ሆስቲንጉን ወደ ሌላ ድርጅት ልናዛውር አስበን ኅዳር 9 ለቀድሞው ድርጅት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ “አይጨነቁ፣ እስከ 30 ፋይላችሁ አይነካም፣ የቀረውን ክፍያም እንመልሳለን” አለችኝ። ኅዳር 23 ስንገባ ሁሉም ጠፍቷል። መልሼ ስደውል ሌላ ሰው አነሳና “እንዲህ የሚል ነገር አልተመዘገበም” አለኝ። ያን ዕለት ወዲያው ኢሜይል መጻፍ ነበረብሽ ይሉኛል። ምን ብዬ? አሁንስ የሚሠራ ነገር አለ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከቀኑ ልጀምር። የፈረንጆቹ ኖቬምበር 30 በእኛ ኅዳር 21 ነው። አንቺ ኅዳር 23 ገብተሽ ባዶ ሆኖ ካገኘሽው፣ ልጅቷ የዋሸችሽ አይመስለኝም። የሆስቲንግ ድርጅቶች ሲስተም በፈረንጅ ቀን ስለሚሠራ ፊቷ ያለው ስክሪን ላይ የተጻፈው 30 የኖቬምበር ሳይሆን አይቀርም። አንቺ ደግሞ በኅዳር ወር ስለደወልሽ የኅዳር 30 መሰለሽ። በመካከሉ ዘጠኝ ቀን አለ፤ ፋይላችሁ የጠፋው በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ነው። ሁለታችሁም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ተባብላችሁ ስልኩን ዘጋችሁ፤ ሁለት የተለያየ ነገር መስማማታችሁን ግን ማንም አላወቀም።

በጥሪ ማዕከል ስልክ አንሺም የቡድን ኃላፊም ሆኜ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ «አልተመዘገበም» የሚለው መልስ ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ስልክ የሚያነሳ ሰው ጥሪውን ከዘጋ በኋላ ማስታወሻ የሚጽፍበት ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ቀጣዩ ጥሪ ወረፋ ይዞ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነው፦ «ደንበኛ ስለ ፋይልና ስለ ተመላሽ ጠየቀች። ተነገራት።» በቃ። ምን ተነገራት? የሚያነበው ሁለተኛው ሰው አያውቅም። የሠራተኛዋን አፍ የሚያህል ማስታወሻ አይቼ አላውቅም። የጥሪው ቅጂ ቢኖርም ስልክ አንሺው ራሱ ከፍቶ አያዳምጠውም፤ ኃላፊ መጠየቅ አለበት፣ ኃላፊውም ምክንያት ይፈልጋል። ቅጂ ደግሞ ለዘላለም አይቀመጥም። ከጥሪው በኋላ የምትልኪው ኢሜይል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ በእነሱ መዝገብ ውስጥ የጎደለውን ማስታወሻ አንቺ ትጽፊላቸዋለሽ፣ በራስሽ ቃል፣ ቲኬት ቁጥር ተሰጥቶት።

ግን ኢሜይሉ ጥሩ የሚሆነው ጥሪው ጥሩ ከሆነ ነው። በስልኩ ላይ ያልተለየን ነገር በኢሜይል መለየት አይቻልም። በአማርኛ የደንበኛ አገልግሎት ንግግር ውስጥ ቃል የሚመስሉ፣ ግን ቃል ያልሆኑ አባባሎች ሞልተዋል። «ችግር የለም» ቃል አይደለም። «እናየዋለን»፣ «ይስተካከላል»፣ «ይደረጋል» ማን እንደሚያደርገው አይናገሩም። «እነግራቸዋለሁ» ሲባል የተገባው ቃል መንገር ብቻ ነው፤ የተነገረው ሰው እምቢ ቢል ተናጋሪዋ ቃሏን ጠብቃለች። የአንቺዋ ልጅ «እንመልሳለን» ብላሻለች። ይህ ቃል ይመስላል፣ ነገር ግን በአብዛኛው ድርጅት ተመላሽ ገንዘብ የሚወስነው ሒሳብ ክፍል ነው፤ ስልክ ላይ ያለችው ጥያቄ ማስገባት ብቻ ነው የምትችለው።

ስለዚህ ከመዝጋትሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛው፦ «ይህ አሁን የተፈቀደ ነው ወይስ ጥያቄ ነው የሚያስገቡልኝ?» ሁለተኛው ጥያቄ ሳይሆን መድገም ነው፦ «ልድገምልዎትና ካጠፋሁ ያርሙኝ፤ ኢሜይል አደርግልዎታለሁ» ብለሽ የተባለውን ከነቀኑ ትደግሚዋለሽ። ብዙ ጊዜ ስሕተቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። «እስከ ኅዳር 30፣ ማለት እስከ ዲሴምበር 9» ብትያት ኖሮ፣ ልጅቷ ስክሪኑን አይታ «ኧረ ኖቬምበር 30 ነው!» ባለችሽ ነበር። ስሟንና፣ ካላት፣ የሠራተኛ መለያ ቁጥሯን ትጠይቂያለሽ። ሙሉ ስም አይሰጡም፤ የመጀመሪያ ስም ይበቃል። ኢሜይሉ የት እንደሚላክም እዚያው ጠይቂ።

ከዚያ፣ ቡና ሳትጠጪ፣ ኢሜይሉን ጻፊ። በሰዓት ውስጥ የተላከ ኢሜይልና በሳምንቱ የተላከ ኢሜይል በኃላፊ ዓይን አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ማስታወሻ ነው፣ ሁለተኛው ክርክር ይመስላል። ያን ቀን አንቺን ብሆን የምልከው ይህን ነበር። ሒሳቡን በምሳሌ ልያዘው፦ ዓመታዊ ክፍያችሁ 7,200 ብር ነው፣ 5 ወር ይቀራችኋል፣ ልጅቷም ተመላሹ በ10 የሥራ ቀን ይገባል ብላለች እንበል።

ጉዳዩ፦ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልክ የተነገረኝን ስለ ማስታወስ፣ የደንበኛ ቁጥር ……

ጤና ይስጥልኝ፣

ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 18 ቀን 2025)፣ ከጠዋቱ 4፡20 ላይ፣ በዚህ ስልክ ቁጥሬ ወደ ድጋፍ መስመራችሁ ደውዬ ከወ/ሪት …… (መለያ ቁጥር ……) ጋር 11 ደቂቃ ያህል ተነጋግረናል። ስለ ትብብራቸው አመሰግናለሁ። የተነገረኝን እንደገባኝ እጽፋለሁ።

1. ፋይሎቻችንና ዳታቤዛችን እስከ ማክሰኞ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. (ዲሴምበር 9 ቀን 2025) ቀኑ እስኪያልቅ እንደማይሰረዙ ነግረውኛል።

2. ያልተጠቀምንበት የ5 ወር ክፍያ፣ በወር 600 ብር ሒሳብ 3,000 ብር፣ ቫት ሳይጨምር፣ እንደሚመለስልን ነግረውኛል። ጥያቄው ዛሬ ለሒሳብ ክፍል እንደሚገባና ገንዘቡ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ፣ ማለትም ቅዳሜ ሳይቆጠር እስከ ማክሰኞ ኅዳር 23 (ዲሴምበር 2) ወደ ሒሳባችን እንደሚገባ ተነግሮኛል።

በ1ኛው ላይ ተመሥርተን የዝውውሩን ሥራ ለሐሙስ ኅዳር 25 (ዲሴምበር 4) ቀጥረናል።

ከላይ ከጻፍኩት የተሳሳተ ካለ እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 (ኖቬምበር 20) በዚሁ ኢሜይል እንድታርሙኝ እጠይቃለሁ። ትክክል ከሆነም «ትክክል ነው» የሚል አጭር መልስ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ከሰላምታ ጋር፣
ስም፣ ስልክ

አሁን አንዳንዱን መስመር ለምን እንዲህ እንዳደረግኩት ልንገርሽ።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከነዕለቱ ስም ጽፌዋለሁ። ዕለቱ ለጌጥ የገባ አይደለም፤ ከሁለቱ ቀኖች አንዱን ስትቀይሪ ብትሳሳቺ «ማክሰኞ» የሚለው ስሕተቱን ያጋልጠዋል። ሰዓቱም እንዲሁ። አንቺ «4፡20» ስትጽፊ ኢሜይሉ አናት ላይ የሚታተመው 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ የሆነ ቁጥር ነው። «ከጠዋቱ» የሚለውን ካልጨመርሽ፣ ቅጂ የሚፈልገው ሰው የሌሊት 4፡20 ጥሪ ሲፈልግ ውሎ «የለም» ይልሻል። ሲገጥም አይቻለሁ። በስክሪንሽ የጥሪ ዝርዝር ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ ከሆነ እሱንም አብረሽ ጻፊው።

«ተስማምተናል» አላልኩም፤ «ነግረውኛል»፣ «እንደገባኝ» ነው ያልኩት። ሰዎች ይህን ደካማ አነጋገር ይሉታል። እኔ ግን የበለጠ ይጸናል ባይ ነኝ፤ የሰማሽውን መመስከር ትችያለሽ፣ ድርጅቱ ምን እንደወሰነ ግን አታውቂም። ያልተባለ ነገር አንድ እንኳ ብትጨምሪ፣ ለምሳሌ ልጅቷ ስለ ቫት ምንም ሳትል «3,450 ብር ከነቫቱ» ብለሽ ብትጽፊ፣ ቅጂው ሲደመጥ ያቺ አንዲት መስመር የቀሩትን ሁሉ ታስጠረጥራለች። ቫቱ የራሱ ጥያቄ ነው፤ በሌላ ኢሜይል ትጠይቂዋለሽ።

«በ1ኛው ላይ ተመሥርተን» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር በእኔ እምነት ከሁሉ ትበልጣለች፣ ሰው ሁሉ የሚዘላትም እሷን ነው። ቃሉን ሰምተሽ ምን አደረግሽ ወይም ምን ተውሽ? ይህ ካልተጻፈ በኋላ ላይ «ቢነገርሽም ምን ጎዳሽ?» ይሉሻል። ከተጻፈ ግን ኢሜይሉን ያነበበው ሰው ዝም ካለ አንቺ ወደ ምን እየሄድሽ እንደሆነ እያወቀ ዝም ብሏል።

እርማት የምትጠይቂው መስመር ደግሞ ሁለት ሥራ አላት። ስሕተት ካለ ገና ጊዜ እያለ ይወጣል፤ የአንቺ ጉዳይ በዚህ መስመር ብቻ ኅዳር 10 ላይ ይፈታ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሌላው፣ የኢሜይሉን መንፈስ ታለዝባለች። እኛ አገር ስልክ የተነጋገሩትን መልሶ በጽሑፍ መላክ «አላመንኩሽም» ማለት ይመስላል፤ ብዙ ሰው የማይጽፈውም በይሉኝታ ነው። «ካጠፋሁ አርሙኝ» ስትዪ ግን ራስሽን ነው ለእርማት ያቀረብሽው። ምስጋናዋም እዚያ የተቀመጠችው ለዚሁ ነው፤ ልጅቷን ኃላፊዋ ፊት አታሳጣትም፣ እሷም ቃሏን የምትክድበት ምክንያት አይኖራትም።

አሁን የት እና ከየት ይላክ ወደሚለው እንምጣ። እዚህ ላይ በሆስቲንግ ጉዳይ ብቻ የሚገኝ ወጥመድ አለ። የሱቃችሁ ኢሜይል፣ በድረ ገጻችሁ ስም የተከፈተው፣ እዚያው ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው? ከሆነ ፋይሉ ሲጠፋ የላክሽው ኢሜይልም አብሮ ይጠፋል። ማስረጃሽን በሚከራከርሽ ሰው ቤት አስቀመጥሽ ማለት ነው። ስለዚህ ከውጭ ካለ አድራሻ፣ ለምሳሌ ከጂሜይል፣ ላኪ፤ ድርጅቱ ከተመዘገበው አድራሻ ካልሆነ አልቀበልም የሚል ከሆነ ደግሞ ከዚያ ላኪና ለጂሜይልሽ ግልባጭ አድርጊ።

የክፍያ ማሳሰቢያ የሚመጣበት አድራሻ ብዙ ጊዜ መልስ የማይቀበል ነው። ለእሱ «መልስ» ብለሽ የላክሽው ማንም ሳያነበው ይቀራል። የድጋፍ ቲኬት መክፈቻ ካላቸው በዚያ በኩል አስገቢው፤ ቲኬት ቁጥር ያለው ጽሑፍ የእነሱ መዝገብ አካል ነው፣ ቀጣዩ ስልክ አንሺም ስምሽን ሲከፍት ይታየዋል። ከላክሽ በኋላ «ደርሶናል፣ የቲኬት ቁጥርዎ ይህ ነው» የሚል መልስ በማግሥቱ ካልመጣ የገቢ ሳጥንሽንና የአይፈለጌ መልእክት ሳጥኑን እዪ። ከ Mail Delivery Subsystem የመጣ ነገር ካለ አልደረሰም ማለት ነው፤ «ልኬያለሁ» ብለሽ አትከራከሪ፣ አድራሻውን አስተካክለሽ እንደገና ላኪ።

ማስቀመጡም ቀላል ነው። በጂሜይል በኮምፒውተር ከፍተሽ፣ ከመልእክቱ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነሽ Download message የሚለውን ምረጪ። የሚወርደው ፋይል የኢሜይሉን መለያና የተላከበትን ጊዜ የያዘ ነው፤ እነሱ የመለሱልሽን ኢሜይል ስታወርጂ ደግሞ በየትኞቹ ሰርቨሮች በስንት ሰዓት እንዳለፈ ጭምር ይዟል። የስክሪን ፎቶ ይህን አይዝም፤ ማንም ሰው በአምስት ደቂቃ ሊሠራው ይችላል።

«በቴሌግራም ብጽፍላቸውስ?» የምትዪ ከሆነ፣ ለፈጣን ጥያቄ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም። በቴሌግራም የግል ንግግር ውስጥ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ መሰረዝ ይችላል። ያንቺን መልእክት ያጠፉብሻል እያልኩ አይደለም፤ ልጅቷ ሥራ ስትለቅ ወይም ገጹ ሲቀየር ንግግሩ አብሮ ሲጠፋ አይቻለሁ። ቴሌግራም ላይ የተባለልሽን ራሱን በኢሜይል ድገሚው።

ኢሜይሉ የማይችለውንም ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሰዎች «መልስ ካልሰጡኝ ተስማምተዋል» እያሉ ሲጽፉ አያለሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1682 መሠረት ዝምታ ለቀረበ ሐሳብ እንደ መቀበል አይቆጠርም፤ ሕጉ ለይቶ ካስቀመጣቸው ጥቂት ሁኔታዎች በቀር። ስለዚህ ያቺ ዓረፍተ ነገር አዲስ ውል አትፈጥርልሽም። የምትሠራው ምስክርነትን ነው፦ በዕለቱ፣ ክርክር ሳይኖር፣ ይህን እንደሰማሽ ጽፈሻል፤ እነሱም ማረም እየቻሉ አላረሙም። ኢሜይል ስለሆነ ብቻ ዋጋ የለውም የሚልሽ ካለ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። ሌላው ገደብ ከውላችሁ ይመጣል። ውላችሁ በጽሑፍ በተለየ ፎርም የተደረገ ከሆነ አንቀጽ 1722 የሚሻሻለውም በዚያው ፎርም ነው ይላል፤ ብዙ የአገልግሎት ውልም «በቃል የተደረገ ለውጥ አይጸናም» የሚል መስመር አለው። ስለዚህ ልጅቷ የውሉን ዋጋ ቀንሼልሻለሁ ብትልሽ ኢሜይሉ ብቻውን ብዙ አይወስድሽም። «እስከዚህ ቀን አንሰርዝም» የሚለው ግን ውል መለወጥ ሳይሆን የአሠራር ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ ኢሜይሉ ጠንካራ ነው።

መልሱ ሲመጣ ደግሞ አንብቢው። «ጥያቄዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል ከሆነ መድረሱን ነው ያረጋገጠው፣ ይዘቱን አይደለም። በዚያው ክር ላይ አንድ መስመር ትመልሺያለሽ፦ «በ1ኛው ላይ የተጻፈው ቀን ትክክል መሆኑን ብቻ ቢያረጋግጡልኝ።» አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ሁለት ከጠየቅሽ ቀላሉን ይመልሱልሻል።

አሁን ወዳለሽበት። ኅዳር 9 መጻፍ የነበረበትን ዛሬ ኅዳር 9 እንደተጻፈ አድርገሽ እንዳትጽፊ። የኢሜይሉ አናት ቀኑን ይናገራል፤ ከተጋለጠ እውነተኛው ክፍልሽም ይወድቃል። «ይህን የምጽፈው ዛሬ ነው፣ ጥሪው የተደረገው ግን ኅዳር 9 ነበር» ብለሽ በግልጽ ጀምሪ። የስልክሽን የጥሪ ዝርዝር ፎቶ አንሥተሽ አያይዢ፤ የደወልሽበትን ቁጥር፣ ሰዓቱንና የደቂቃውን ብዛት ያሳያል። ያን ዕለት ለባልደረባ ወይም ለአዲሱ ድርጅት «እስከ 30 ጊዜ አለን» ብለሽ የላክሽው መልእክት ካለ ፈልጊው። በዚያው ቀን ለሦስተኛ ሰው የተጻፈ ነገር ከዛሬው ትዝታሽ ይልቅ ይታመናል።

ቅደም ተከተሉንም አትሳቺ፦ ገንዘቡ ሊጠብቅ ይችላል፣ ፋይሉ አይጠብቅም። ሆስቲንግ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ለራሳቸው የሚያስቀምጡት ባካፕ አላቸው፣ እሱም በየጊዜው በአዲስ ይተካል። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውዪ፣ ስለ ጥፋት አታውሪ፣ ባካፕ እንዳለና እስከ መቼ እንደሚቆይ ብቻ ጠይቂ፤ ስልኩን እንደዘጋሽም ይህን የመሰለ ኢሜይል ላኪ፦ «ኅዳር 9 “እስከ 30” ሲባል የኅዳር 30 እንደሆነ ነበር የተረዳሁት፤ በእናንተ በኩል የኖቬምበር 30 ማለት ሳይሆን አይቀርም። የቀን አቆጣጠር አለመግባባት ስለሆነ ከባካፕ እንድትመልሱልን፣ እስከዚያም ባካፑ እንዳይተካ፣ የኅዳር 9ኙ ጥሪ ቅጂም እንዳይሰረዝ እጠይቃለሁ።» እንዲህ ስትጽፊ ኃላፊው ሠራተኛዋን ጥፋተኛ ማድረግ ሳያስፈልገው እሺ የሚልበት መንገድ አገኘ። ስለ ተመላሽ ገንዘቡ ፋይሉ ከተመለሰ በኋላ በሌላ ቲኬት ጻፊ።

ይህን ስትልኪ ከጂሜይልሽ ላኪ፤ የሱቁ ኢሜይል ምናልባት አሁንም አይሠራም።